«አበው እንዳሉት» የተባለው ሁሉ የአበው ነውን? የጥንቱን ተረት ከዘመኑ ፈጠራ መለያ መንገዶች

በቢቸናም ሆነ በሞጣ ነገር ሽማግሌ ፊት ሲቀርብ በተረት ይከፈታል፤ በተረትም ይዘጋል። ተከራካሪው ምስክር ሲያጥረው፣ አስታራቂው ሁለቱን ወገን ሲያለዝብ፣ የሠርግ መራቂው ቃሉን ሲያሳምር «አበው እንዳሉት» ይላል። ከዚህ ቃል በኋላ የሚመጣው አባባል እንደ ተራ ሐሳብ አይታይም። ብዙ ትውልድ የፈተነውና ያጸደቀው ፍርድ ሆኖ ይሰማል። ሰሚውም አባባሉን ከተቃወመ አያቶቹን የተቃወመ ስለሚመስለው ዝም ይላል።

ችግሩ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ዛሬ በስልክ፣ በግድግዳ ወረቀትና በመድረክ ንግግር «የጥንት አባቶች አባባል» እየተባሉ ከሚዞሩት መካከል አንዳንዶቹ የአያቶች አይደሉም። ከውጭ ቋንቋ የተተረጎሙ አሉ፤ በቅርቡ የተፈጠሩም አሉ። አዲስ አባባል መፍጠር ነውር አይደለም፤ ጥንታዊው ተረትም አንድ ቀን አዲስ ነበር። ነውሩ ትናንት የተፈጠረውን የሺህ ዓመት ምስክር አድርጎ ማቅረብ ነው። በሽምግልና ላይ እንዲህ ያለው አባባል መስቀለኛ ጥያቄ የማይጠየቅ የሐሰት ምስክር ይሆናል።

የሁለት ወንድማማቾች ባሕር ዛፍ

ነገሩን በምሳሌ ማየት ይቀላል። ሁለት ወንድማማቾች አባታቸው ከሞቱ በኋላ ተጣሉ እንበል። ታናሹ በአባቱ ይዞታ ላይ ባሕር ዛፍ ተክሏል። አሁን ዛፉ ለአጣና ደርሷል። ታላቁ መሬቱ የአባታችን ስለሆነ ዛፉም እኩል ይካፈል ይላል። ታናሹ ደግሞ ሽማግሌዎቹ ፊት ቆሞ «አበው እንዳሉት፣ መሬቱ የአባት ቢሆን ባሕር ዛፉ የተካዩ ይሁን» ሲል ይሟገታል።

አባባሉ ጆሮ ይስባል። ቤት ይመታል፤ አጭር ነው፤ የገበሬ ነገርም ነው። ሆኖም የጥንት አባባል አይደለም፤ ለዚህ ጽሑፍ ማስረጃ እንዲሆን ዛሬ የተፈጠረ ነው። ሽማግሌዎቹ ይህን ሳይነገራቸው ሊያውቁ የሚችሉበት መንገድ አለን? አለ። አራት ጥያቄዎች በተራ ቢቀርቡ አብዛኛው ነገር ይለያል።

አንደኛው ጥያቄ፦ በውስጡ ያለው ዕቃ ወይም ተክል መቼ አገር ገባ?

ባሕር ዛፍ የአውስትራሊያ ተክል ነው። ወደ ኢትዮጵያ የገባው በዐፄ ምኒልክ ዘመን፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1890ዎቹ አጋማሽ ሲሆን ከማስመጣቱ ጋር ስሙ በብዛት የሚነሣው ሞንዶን ቪዳዬ የተባለው ፈረንሳዊ ነው። በመጀመሪያ የተስፋፋው በአዲስ አበባ ዙሪያ ነበር፤ ወደ ጎጃም ገጠር የዘለቀው ከዚያ በኋላ ነው። ስለዚህ ባሕር ዛፍን የሚጠራ አባባል ሁሉ ከዚህ ዘመን ወዲህ ያለ ነው። የታናሹ ወንድም ተረት የላሊበላ ወይም የፋሲል ዘመን ሊሆን አይችልም።

ይህ መንገድ ለገበሬ ከማንም ይልቅ ይቀርባል፤ የሰብሉን ታሪክ ማወቅ ብቻ ይጠይቃልና። ድንችን ወደ ኢትዮጵያ ያስገባው ጀርመናዊው የዕፅዋት ተመራማሪ ቪልሄልም ሺምፐር መሆኑ የሚነገር ሲሆን ዘመኑም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር 1858 ነው። በቆሎና በርበሬ የአሜሪካ አህጉር ተክሎች ናቸው። ስለዚህ ኮሎምበስ በ1492 አትላንቲክን ከማቋረጡ በፊት በኢትዮጵያ ምድር ሊታወቁ አይችሉም። በአንጻሩ ጤፍ፣ ገብስ፣ በሬ፣ ሞፈር፣ ቀንበርና ጨው ዕድሜያቸው እጅግ የራቀ ነው።

ይሁን እንጂ ይህ ጥያቄ የሚሠራው በአንድ በኩል ብቻ ነው። አዲስ ዕቃ የተጠራበት አባባል ከዕቃው እንደማይበልጥ ያረጋግጣል፤ አሮጌ ዕቃ የተጠራበት አባባል ግን አሮጌ ለመሆኑ ዋስትና አይሰጥም። ዛሬም ሰው ስለ ሞፈር አዲስ ተረት ሊፈጥር ይችላል።

ሌላም ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ተረት ሲኖር ልብሱን ይለውጣል። «ነገር በምሳሌ ጠጅ በብርሌ» የሚለውን ማንም ያውቀዋል። ብርሌ በድሮ ጊዜ ከባሕር ማዶ ተሠርቶ የሚመጣ የብርጭቆ ዕቃ ነበር፤ ጠጅ ግን ከብርሌ በፊትም በቀንድ ዋንጫ ይጠጣ ነበር። ስለዚህ ዛሬ የምንለው ቃል ብርሌ ከተለመደ በኋላ የተገጠመ ነው ማለት ይቻላል እንጂ ነገርን በምሳሌ የመናገሩ ሐሳብ ከብርሌ ጋር መጣ ማለት አይቻልም። የዕቃው ዕድሜ የሚነግረን አባባሉ አሁን የያዘውን ቃል ዕድሜ ነው።

ሁለተኛው ጥያቄ፦ የዐረፍተ ነገሩ አጥንት የየትኛው ዘመን ነው?

«ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የሚለውን እንመልከት። ዛሬ በገበያ ወይም በቤት ሰው ሲነጋገር «ገመዱ በሬ ያስር» አይልም፤ «ያስራል» ይላል። የግሡ መጨረሻ «አል» ሳይጨመርበት ዐረፍተ ነገር አይዘጋም። በጥንታዊው አማርኛ ግን ያለ «አል» መዝጋት የተለመደ ነበር። ለነገሥታት የተገጠሙት የቀድሞ የአማርኛ ግጥሞች ይህን ያሳያሉ። የዕለት ንግግሩ ተለወጠ፤ ተረቱ ግን ቤት መምታቱን እንዳያጣ የድሮውን መዝጊያ ይዞ ቀረ።

«ሰማይ አይታረስ ንጉሥ አይከሰስ» የሚለውም እንዲሁ ነው። የዛሬ ተናጋሪ «አይታረስም፣ አይከሰስም» ይላል። በአሉታ ግሥ ላይ «ም» ሳይጨመር መዝጋት የአሮጌው አማርኛ ጠባይ ነው። «እባብ ያየ በልጥ በረየ» ደግሞ ሌላ ምልክት ይጨምራል። ልጥ ከዛፍ ተልጦ ለማሰሪያ የሚያገለግለው ቅርፊት ሲሆን «በረየ» ደንብሮ ሸሸ ማለት ነው። ልጥን የገጠር ሰው ዛሬም ያውቀዋል፤ «በረየ»ን ግን ከዚህ ተረት ውጭ በዕለት ንግግሩ የሚጠቀምበት ሰው ጥቂት ነው። ሰው ትርጉሙን በውል ሳይለይ እንኳ ሙሉውን አባባል በቃሉ መያዙ ቃሉ ከቀደመ ትውልድ የተላለፈ መሆኑን ያመለክታል። አዲስ ተረት የሚፈጥር ሰው ራሱ የማይጠቀምበትን ቃል አይመርጥም።

ከዚህ ጋር «በፍጥነት መሄድ ከፈለግህ ብቻህን ሂድ፤ ሩቅ መሄድ ከፈለግህ ከሌሎች ጋር ሂድ» የሚለውን እናነጻጽር። ይህ አባባል በየስብሰባው «የአፍሪካ አባቶች ተረት»፣ አንዳንዴም «የአባቶቻችን ተረት» እየተባለ ይነገራል። ሁለት ሙሉ ዐረፍተ ነገር ነው። ቤት አይመታም። ሁለቱም ክፍሎች «ከፈለግህ» በሚል የምክር ቃል ላይ የቆሙ ናቸው። የአማርኛ ተረት እንዲህ አይመክርም፤ አንድ የሚታይ ነገር ያሳይና ሰሚው ራሱ እንዲፈርድ ይተወዋል።

አባባሉን በዓለም መድረክ እጅግ ካስተዋወቁት አንዱ የአሜሪካ ምክትል ፕሬዚዳንት የነበሩት አል ጎር ናቸው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በታኅሣሥ ወር 2007 በኦስሎ የኖቤል ሽልማት ሲቀበሉ ባደረጉት ንግግር «የአፍሪካ ተረት» ብለው ጠቀሱት። በየትኛው የአፍሪካ ቋንቋ እንደሚነገር ግን አልገለጹም። አፍሪካ ደግሞ ከሺህ በላይ ቋንቋዎች የሚነገሩባት አህጉር ናት። ተረት ያለ ቋንቋ አይኖርም፤ ቋንቋው ያልተጠራ ተረት አባቱ እንዳልተጠራ ልጅ ነው። ደግሞም የእኛ ሰው ለዚሁ ሐሳብ የተበደረው ቃል አያስፈልገውም። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የሚለው አባባል ምክር የሚባል ነገር ሳይጠራ፣ በቁጥርና በሎሚ ብቻ ነገሩን ይጨርሳል።

ይህም ጥያቄ ወሰን አለው። ሁሉም የቆየ ተረት አሮጌ ሰዋስው የለውም። «ቀስ በቀስ ዕንቁላል በእግሩ ይሄዳል» የሚለው «አል»ን ይዞ ይዘጋል፤ የታወቀ ተረት መሆኑን ግን ይህ አይቀንሰውም። በሌላ በኩል ዲማ ጊዮርጊስን የመሰለ የአብነት ትምህርት ቤት ባለበት፣ ቅኔ በሚዘረፍበት አገር፣ አሮጌ የሚመስል አባባል ባንድ ጀምበር መግጠም የሚችል ሰው አይጠፋም። ለምሳሌ «ሞፈር ቢሰበር ጎረቤት ይማከር» ቢባል ዕቃው ጥንታዊ ነው፤ ቤቱም ይመታል፤ አጥንቱም የተረት ነው። ሆኖም ይህም ለዚህ ጽሑፍ ሲባል ዛሬ የተፈጠረ ነው። ሁለቱን ጥያቄዎች ያለ ችግር ያልፋል። ስለዚህ ሦስተኛው ያስፈልጋል።

ሦስተኛው ጥያቄ፦ የተለያየ ቦታ ሰዎች በየራሳቸው አፍ ያውቁታልን?

በቃል የኖረ ተረት አንድ መልክ ብቻ የለውም። አንዱ «ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል» ሲል ሌላው «ከሞኝ ደጅ» ይላል። አንዱ «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ሲል ሌላው «የሸሸገ» ይላል። ቃሉ ይለዋወጣል፤ ዐሳቡና ምቱ ይጸናል። ይህ ልዩነት ጉድለት አይደለም፤ አባባሉ በብዙ አፍ ለብዙ ጊዜ መመላለሱን የሚያሳይ ምልክት ነው። ከአንድ የስልክ መልእክት የተገለበጠ አባባል ግን በሄደበት ሁሉ አንድ ዓይነት ነው። ቃሉ ቀርቶ ሥርዓተ ነጥቡ እንኳ አይለወጥም።

ስለዚህ አባባሉን ለመፈተን ከደጀን ተነሥቶ በቢቸናና በሞጣ አድርጎ ወደ ባሕር ዳር በሚሄደው መንገድ ግራና ቀኝ የሚኖሩ፣ እርስ በርስ ያልተማከሩ አረጋውያንን መጠየቅ ይቻላል። አጠያየቁ ግን ጥበብ ይፈልጋል። «ይህን ተረት ያውቁታል ወይ?» ተብሎ ሙሉው ከተነገራቸው ብዙ ሰዎች ከአክብሮት የተነሣ «አዎን፣ እናውቀዋለን» ይላሉ። ትክክለኛው መንገድ ግማሹን ተናግሮ ዝም ማለት ነው። «እባብ ያየ…» ሲባል አረጋዊው «በልጥ በረየ» ብለው ከጨረሱት ተረቱ በአፋቸው አለ። «ሞፈር ቢሰበር…» ሲባል ግን ሁሉም የየራሱን መጨረሻ ይፈልጋል ወይም ዝም ይላል።

ከዚያ ቀጥሎ ሁለተኛ ጥያቄ ይጠየቃል፤ «መቼ ነው የሚባለው?» የሚል። እውነተኛ ተረት የሚተረትበት ጊዜና ቦታ አለው። «ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል» የሚባለው ንብረቱን የማይጠብቅ ሰው በሌላው ሲበዘበዝ ነው። ገበሬ ይህን ለማስረዳት አይቸገርም። ለሞፈር የሚሆን ቀጥ ያለና ጠንካራ እንጨት በቀላሉ አይገኝም፤ እንዲህ ያለው ዛፍ ከሰው ደጅ ላይ ተቆርጦ እየተወሰደ ባለቤቱ ዝም ካለ ሞኝ ይባላል። ተረቱ ከሥራው ጋር የተያያዘ ስለሆነ ማብራሪያውም ከሥራው ይመጣል። አዲስ የተፈጠረ ወይም የተተረጎመ አባባል ግን ብዙውን ጊዜ ለማንኛውም ነገር፣ በማንኛውም ስብሰባ ይሆናል።

እዚህም ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ሬዲዮና ትምህርት ቤት በቅርቡ የተጻፈን አባባል በአንድ ትውልድ ውስጥ ወደ ሁሉም ቤት ሊያስገቡት ይችላሉ። ስለዚህ አረጋውያኑን «ከማን ሰሙት?» ብሎ መጠየቅ ይገባል። «አባቴ በአውድማ ላይ ሲል» የሚለው መልስና «በሬዲዮ ሲባል» የሚለው መልስ እኩል አይመዘኑም።

አራተኛው ጥያቄ፦ ቀድሞ የተጻፈበት ቦታ አለን?

የአፍ ምስክርነት ወደ ኋላ የሚሄደው እስከ ሁለትና ሦስት ትውልድ ነው። ከዚያ በላይ ለመሄድ ጽሑፍ ያስፈልጋል። የአማርኛ ተረትን ሰብስቦ ማሳተም ከተጀመረ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል። ጣሊያናዊው ኢኛሲዮ ጉይዲ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1894 በሮም የተረትና የግጥም ስብስብ አሳትሟል። ጉይዲ በአማርኛ ጥናቱ በሮም ይኖሩ ከነበሩት ኢትዮጵያዊ ሊቅ ከደብተራ ክፍለ ጊዮርጊስ ጋር አብሮ ይሠራ ነበር። ከባሕር ዛፍ ጋር ስሙ የሚነሣው ሞንዶን ቪዳዬም በ1904 የሐበሻ ተረቶችን በፈረንሳይ አሳትሟል፤ ዣክ ፋይትሎቪች ደግሞ በ1907 በፓሪስ ሌላ ስብስብ አውጥቷል።

ከአገር ውስጥ የከሣቴ ብርሃን ተሰማ የአማርኛ መዝገበ ቃላት በ1951 ዓ.ም.፣ የደስታ ተክለ ወልድ መዝገበ ቃላት ደግሞ በ1962 ዓ.ም. ታትመዋል። ሁለቱም ቃላትን ሲተረጉሙ ተረት እየጠቀሱ ስለሆነ፣ አንድን አባባል ለመፈለግ በውስጡ ያለውን ዋና ቃል አውጥቶ በዚያ ሥር ማየት ይቻላል። ለምሳሌ ስለ ሞፈር የተነገረውን «ሞፈር» በሚለው ሥር መጀመር ነው።

የጽሑፍ ማስረጃ የሚሰጠው የታች ወሰን ነው። አንድ ተረት በ1894 ከታተመ ስብስብ ውስጥ ከተገኘ ቢያንስ ያን ያህል ዕድሜ አለው፤ ከዚያ በፊት ስንት ዘመን በአፍ እንደኖረ መጽሐፉ አይነግረንም። በተቃራኒው አለመገኘቱ ብቻውን አያስኮንነውም። ሰብሳቢዎቹ ወደ እያንዳንዱ ቀበሌ አልዞሩም፤ በሞጣ ገጠር ብቻ የሚነገር አሮጌ ተረት በየትኛውም መጽሐፍ ላይኖር ይችላል። ለዚህ ነው አራተኛው ጥያቄ ከሦስተኛው ጋር አብሮ መታየት ያለበት። በመጽሐፍም የሌለ፣ በአረጋውያን አፍም የሌለ፣ በስልክ ላይ ብቻ ያለ አባባል ግን «የጥንት» ለመባል ምንም መቆሚያ የለውም።

በውጭ ቋንቋ ዞሮ የሚመለሰው

ነገሩን የሚያወሳስበው ሌላ መንገድ አለ። የእኛው ተረት ወደ እንግሊዝኛ ተተርጉሞ ይሄድና መልኩን ለውጦ ይመለሳል። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» በእንግሊዝኛ የሚታወቀው የሸረሪት ድሮች ተባብረው አንበሳ ያስራሉ በሚል ነው። በአማርኛው ቃል ውስጥ ግን ሸረሪት የለችም። ድር የሸረሪትም የሸማኔም ሊሆን ይችላል፤ ድርና ማግ የምንለው የጥጥ ክር ነውና። ተርጓሚው ከሁለቱ አንዱን መርጦ ሸረሪቷን ጨመረ። ይህን የማያውቅ ሰው እንግሊዝኛውን መልሶ ሲተረጉም «የሸረሪት ድሮች አንድ ላይ ሲሆኑ አንበሳን ማሰር ይችላሉ» ይላል። ምቱ ጠፋ፤ አጭርነቱ ጠፋ፤ ያልነበረች ሸረሪትም ገባች። ቃሉ አዲስ ነው፤ ምንጩ ግን እውነተኛ ተረት ነው።

«የኢትዮጵያ ተረት» በሚል በእንግሊዝኛ ዝርዝሮች ላይ የሚገኝ ሌላ አባባል ደግሞ ክፋት እንደ መርፌ ገብቶ እንደ ኦክ ዛፍ ይሰፋል ይላል። ኦክ የአውሮፓ ሰው የሚያውቀው ትልቅ ዛፍ ነው፤ የኢትዮጵያ አገር በቀል ዛፍ አይደለም። በመጀመሪያው ጥያቄ ብቻ ብንሄድ አባባሉን ወዲያው ሐሰት እንለው ነበር። ግን ቸኩሎ መፍረድ አይገባም። አንድ ተርጓሚ በአማርኛ «ዋርካ» የሚለውን ቃል ቢያገኝ፣ አንባቢው ዋርካን ስለማያውቅ በምትኩ ኦክ ሊል ይችላል። ስለዚህ የውጭ ዝርዝር ላይ የተገኘ አባባል የሚፈተነው በእንግሊዝኛው ሳይሆን የአማርኛው ቃል ተፈልጎ ነው። «እንደ መርፌ ይገባል…» ብሎ ጀምሮ አረጋውያኑ እንዴት እንደሚጨርሱት መስማት የመጀመሪያው እርምጃ ይሆናል።

ወደ ወንድማማቾቹ ስንመለስ

አሁን የታናሹን ወንድም አባባል በአራቱ ጥያቄዎች እንመዝነው። ባሕር ዛፍ በውስጡ ስላለ በዐፄ ምኒልክ ዘመን ከገባው ተክል አይቀድምም። አጥንቱ የተረት ቢመስልም፣ እንዲህ ያለ ቤት መምታት ለዛሬ ሰውም የሚያስቸግር አይደለም። ሽማግሌዎቹ «መሬቱ የአባት ቢሆን…» ብለው በአካባቢው ያሉ አረጋውያንን ቢጠይቁ የሚጨርስላቸው አያገኙም። በመጽሐፍም አይገኝም። እንግዲህ አበው አላሉትም።

ይህ ማለት ግን ታናሹ ተሸነፈ ማለት አይደለም። አባባሉ ሲወድቅ ጥያቄው ራሱ ይቀራል፤ እርሱም መመርመር ያለበት በማስረጃ ነው። ችግኙን ማን ገዛ? አባት ሲተከል ፈቅደው ነበር ወይስ ዝም ብለው? ያጠረውና የጠበቀው ማን ነው? የይዞታ ማረጋገጫው ላይ የተመዘገበው ማን ነው? ደግሞም ባሕር ዛፍ አንዴ ተቆርጦ የሚያልቅ ሰብል አይደለም። ከጉቶው መልሶ ያቆጠቁጣል፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላም ሁለተኛ ምርት ይሰጣል። የመጀመሪያው ቁርጥ ለተካዩ ይሁን ቢባል እንኳ፣ በአባት አፈር ላይ ካለው ጉቶ የሚወጣው ቀጣዩ የማን ነው? ያማረው አባባል ይህን አይመልስም። ሽማግሌዎቹ በተረቱ ተማርከው ቢወስኑ ኖሮ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ያው ጠብ መልሶ ያቆጠቁጥ ነበር።

አሮጌ መሆን ልክ መሆን አይደለም

በመጨረሻ ሁለት ነገሮች መቀላቀል የለባቸውም። አንድ ተረት እውነተኛ ጥንታዊ መሆኑ ሲረጋገጥ የሚረጋገጠው ዕድሜው ብቻ ነው። «ሰማይ አይታረስ ንጉሥ አይከሰስ» አጥንቱ የአሮጌ አማርኛ ነው፤ የሚነግረን ግን ባለ ሥልጣን በማይጠየቅበት ዘመን ሰው እንዴት እንደኖረ ነው እንጂ ዛሬ በደል የደረሰበት ሰው አቤት እንዳይል አይደለም። «ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቅ» የሚለውም በመዝጊያው ሲታይ የቆየ ነው፤ ሆኖም የገጠር መሬት ይዞታ የባልና የሚስት ስም ተጽፎበት በሚመዘገብበት በዛሬው ጊዜ፣ ይህን ተረት በንብረት ክፍፍል ላይ እንደ ሕግ የሚጠቅስ ሰው ዕድሜን ከፍትሕ ጋር አምታቷል።

የሐሰቱን ተረት ከሽማግሌ ፊት ማስወጣት አስፈላጊ የሆነውም፣ እውነተኛውን በቦታው ማስቀመጥ ያስፈለገውም በዚሁ ምክንያት ነው። «አበው እንዳሉት» የሚል ቃል ሲሰማ «የትኞቹ አበው? መቼ? በምን ነገር ላይ?» ብሎ መጠየቅ አያቶችን መዳፈር አይደለም። ያላሉትን በስማቸው ከመናገር ይልቅ ይህ ለእነርሱ የተሻለ ክብር ነው። «ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ» የሚለውን እንኳ ግማሹን ጀምሮላቸው ቢሰሙ፣ የቢቸናም የሞጣም አረጋውያን ያለ ማንም እርዳታ ይጨርሱታል።